የስፓም ሪፖርት ከማያውቁት ሰው እንጂ ከወዳጅ አካውንት አያስጥልም፦ ለአንድ የምክር ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«የማጭበርበሪያ መልእክት የላከ የቴሌግራም አካውንት ሲያጋጥማችሁ በግሩፑ ያላችሁ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሪፖርት አድርጉት፤ ቁጥሩ ሲበዛ አካውንቱ በራሱ ይዘጋል። ሪፖርት ስታደርጉ ግን የቻታችሁ ታሪክ በሙሉ ወደ ኩባንያው ስለሚሄድ አስቀድማችሁ ቻቱን አጥፉ። ማን እንደጠቆመው ለላኪው ስለሚነገረው መጀመሪያ ብሎክ ማድረግም አትርሱ። ሪፖርቱ ከተላከ በኋላ ጉዳዩ ለሕግ አካል ስለሚደርስ ሌላ የምትሠሩት ነገር የለም።»

ይህ ምክር በእድራችን የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ከአንድ አባል ወደ ሌላው ሲተላለፍ ሰንብቷል። እኔ ከግሩፑ አድሚኖች አንዱ ነኝ፤ ምክሩን ቃል በቃል የተከተሉ አባላት ያስከተሉትን ነገር ማስተካከልም የእኔ ድርሻ ስለነበረ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ጸሐፊው በቅን ልብ እንደጻፉት አልጠራጠርም። ነገር ግን አራቱም ነጥቦች የተሳሳቱ ናቸው፤ ስሕተታቸውም ከአንድ ምንጭ ይቀዳል፤ ይኸውም የሪፖርት ቁልፉ ሲነካ ከስልካችን ምን እንደሚወጣና ማን ዘንድ እንደሚደርስ አለማወቅ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አፍርሼ ከሁለተኛው ነጥብ እጀምራለሁ፤ የቀሩት ከእርሱ ይፈታሉና።

በቴሌግራም የተለመደው ቻት፣ ማለትም የሚስጥር ቻት ብለን ለይተን ያልከፈትነው ሁሉ፣ የሚቀመጠው በስልካችን ብቻ ሳይሆን በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው። አዲስ ስልክ ገዝተን ስንገባ የድሮው ወሬያችን ሁሉ ተመልሶ የሚመጣው በዚሁ ምክንያት ነው። በመሆኑም ሪፖርት ስናደርግ ስልካችን የመልእክቱን ጽሑፍ እንደገና ጠቅልሎ አይልክም፤ ጽሑፉ ቀድሞውንም እዚያው አለ። ስልኩ የሚልከው ጥቆማ ነው። በግሩፕ ወይም በቻናል ውስጥ አንድን መልእክት መርጠን ሪፖርት ካደረግን፣ የሚሄደው የየትኛው ቻት እንደሆነ፣ የመረጥናቸው መልእክቶች መለያ ቁጥር፣ ከዝርዝሩ የመረጥነው ምክንያትና አስተያየት ጽፈን ከሆነ እርሱ ነው። ከማናውቀው ሰው በግል መልእክት ሲመጣ ከቻቱ አናት ላይ የሚታየውን «Report Spam» ስንነካ ደግሞ የሚሄደው ከዚያም ያነሰ ነው፤ «ይህ ቻት ስፓም ነው» ከማለት የዘለለ አይደለም። በሁለቱም መንገድ የተጠቆመውን ነገር የሚመለከቱት ሞደሬተር የሚባሉት የኩባንያው ሠራተኞች ናቸው፤ የቴሌግራም የግላዊነት ፖሊሲም ሞደሬተሮቹ ሊያዩ የሚችሉት ተቀባዮቹ ራሳቸው የጠቆሟቸውን መልእክቶች እንደሆነ ይገልጻል። ከእነርሱ ጎን ለጎን በተለመዱት ቻቶች ላይ ስፓምን የሚለይ አውቶማቲክ ፍተሻም ሊሠራ እንደሚችል ያው ፖሊሲ ይናገራል። እዚህ ላይ ማንንም ላረጋጋ አልፈልግም፤ ወሬው በሰርቨሩ ላይ መኖሩ ራሱ የሚያሳስበው ሰው ስጋቱ ምክንያት አለው። ሆኖም ያ ስጋት ሪፖርት ከማድረግ የመጣ አይደለም፤ ሪፖርት ባለማድረግም አይወገድም።

ጸሐፊው የቀላቀሉት ከዋትስአፕ ጋር ሳይሆን አይቀርም፤ ብዙ ዘመዶቻችን በውጭ አገር የሚጠቀሙት እርሱን ስለሆነ ልዩነቱን ማየት ይጠቅማል። የዋትስአፕ መልእክት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ከላኪው ስልክ ተቆልፎ ወጥቶ በተቀባዩ ስልክ ላይ ብቻ የሚከፈት ነው፤ ኩባንያው መካከል ላይ ሆኖ ሊያነበው አይችልም። እንግዲህ ሪፖርት ሲደረግለት የሚያየው ነገር እንዲኖረው ጽሑፉ ከተቀባዩ ስልክ መነሣት አለበት። ስለዚህ ዋትስአፕ ላይ ሪፖርት ስናደርግ ስልካችን ያ ሰው ወይም ያ ግሩፕ የላከልንን የመጨረሻዎቹን 5 መልእክቶች ገልብጦ ይልካል፤ ከእነርሱም ጋር የተጠቆመው አካውንት መለያ፣ መልእክቱ የተላከበት ጊዜና ዓይነቱ፣ ማለትም ጽሑፍ ነው ወይስ ፎቶ ወይስ ቪዲዮ የሚለው፣ አብሮ ይሄዳል። አምስት ማለት አምስት ነው፤ የሦስት ዓመት ወሬ አይደለም። ይህንንም ቁልፉን ስንነካ የሚወጣው ማስታወቂያ ራሱ ይነግረናል፤ እንደ እኔ ያለው ችኩል ግን ሳያነብ «እሺ» ይላል።

ታዲያ ቻቱን ቀድሞ ማጥፋት የሚያስከትለው ምንድን ነው? በዋትስአፕ ከሆነ ስልኩ ገልብጦ የሚልከው ነገር ያጣል፤ በቴሌግራም ከሆነ የምንጠቁምበትን መልእክት በእጃችን እናጣለን። ከዚህም በላይ በቴሌግራም የግል ቻት ውስጥ የትኛውም ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል፤ ጊዜም አይገድበውም። አጭበርባሪው ይህንን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ገንዘቡ እንደገባለት የመጀመሪያ ሥራው ቻቱን ከእኛም ስልክ ላይ መጥረግ ነው፤ እኛ ቀድመን ካጠፋንለት ድካሙን ቀነስንለት ማለት ነው። ትክክለኛው ቅደም ተከተል በመጀመሪያ ስክሪንሾት ማንሣት፣ ቀጥሎ ሪፖርት ማድረግ፣ በመጨረሻ ብሎክ ማድረግ ነው። ዋትስአፕ ሪፖርት ሲደረግ አብሮ ብሎክ የማድረግና ቻቱን የማጥፋት ምርጫ ስለሚያቀርብ፣ ማስረጃው የሚያስፈልገው ሰው ያንን ምልክት ማንሣት አለበት። በቴሌግራምም ከቻቱ አናት ላይ ብሎክ የሚለውን የነካ ሰው ሪፖርት የማድረግና ቻቱን የማጥፋት ምርጫ በአንድ ሳጥን ውስጥ ጎን ለጎን ይመጣለታል፤ የመጀመሪያውን ምልክት አድርጎ ሁለተኛውን መተው ይቻላል።

መልእክት በምንመርጥበት ቦታ ደግሞ የምንመርጠው መልእክት ራሱ ይወስናል። ሪፖርቱን የሚያየው ሰው እድራችንንም ሆነ ላኪውን አያውቅም። «እባክህ የመጣልህን ቁጥር ላክልኝ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻውን ሲታይ የማንም ሰው ተራ ጥያቄ ይመስላል፤ ሊንኩን የያዘው መልእክትና ከእርሱ በኋላ የመጣው የኮድ ጥያቄ አብረው ሲጠቆሙ ግን ነገሩ ራሱን ይገልጣል። ከምክንያቶቹ ዝርዝርም ለነገሩ የቀረበውን መምረጥ ነው እንጂ ይበልጥ ያስደነግጣል ብሎ የማይመለከተውን መምረጥ ሪፖርቱን ያደክመዋል።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልለፍ፤ እርሱ አጭር ነው። ቴሌግራምም ሆነ ዋትስአፕ ሪፖርት ያደረገውን ሰው ማንነት ለተጠቆመው አይነግሩም። እርግጥ ነው፣ በዚያ ቀን የጻፈው ለአንድ ሰው ብቻ ከሆነ ማን እንደጠቆመው መገመት አያቅተውም፤ ይህን መካድ አልፈልግም። የሚገርመው ግን ጸሐፊው ለመደበቂያነት ያዘዙት ብሎክ ከሪፖርቱ ይልቅ የሚያጋልጥ መሆኑ ነው። ብሎክ የተደረገ ሰው የሚልከው መልእክት በአንድ ምልክት ላይ ቆሞ ይቀራል፤ በቴሌግራም ደግሞ ያገደው ሰው የመጨረሻ የገባበት ጊዜ «ከረጅም ጊዜ በፊት» ሆኖ ይታየዋል። ትናንት ማታ ያነጋገረው ሰው ዛሬ ጠዋት ከረጅም ጊዜ በፊት የጠፋ ሆኖ ሲያገኘው ምን እንደተደረገ ወዲያው ይገባዋል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠቁም ወደሚለው ነጥብ መጣሁ። ቴሌግራም ስለ ስፓም ያወጣው ማብራሪያ የሚናገረው ስለ ቁጥር ሳይሆን ስለ ውሳኔ ነው፤ የተጠቆመው መልእክት ወደ ሞደሬተሮች ይሄዳል፣ እነርሱም ይገባዋል ካሉ አካውንቱ ላይ ገደብ ይጣልበታል። አንድ ትክክለኛ ጥቆማ መልእክቱን ወደ ሚመረመርበት ቦታ ያደርሰዋል። በዋትስአፕ በኩልም ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሰነድ በወር ከ2 ሚሊዮን በላይ አካውንቶችን እንደሚዘጋ፣ ከእነዚህም ውስጥ 75 በመቶ በላይ የሚሆኑት በቅርቡ ማንም ሰው ሪፖርት ሳያደርግባቸው የተዘጉ እንደሆኑ ገልጿል፤ ማለትም አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የመልእክት አላላክ ፍጥነትንና የመሳሰለውን የሚከታተለው ሥርዓት እንጂ የጠቋሚ ብዛት አይደለም። «ሪፖርት አድርጉልን» እያሉ የማይወዱትን ሰው ገጽ ለማዘጋት ዘመቻ የሚጠሩ ሰዎች ይህ ቁጥር ነገር ነው ብለው ያምናሉ፤ የጸሐፊው ምክርም ሳያውቁት የዚያ ልማድ ውላጅ ይመስለኛል።

ከቁጥሩ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን «ይዘጋል» የሚለው ቃል ነው። ለስፓም የሚጣለው የተለመደው ቅጣት መዝጋት አይደለም፤ መገደብ ነው። የተገደበ አካውንት ስልክ ቁጥሩን ላልመዘገቡ ሰዎች ቀድሞ መጻፍ አይችልም፣ ወደ ግሩፕና ቻናልም ሊያስገባቸው አይችልም። ቁጥሩን በስልካቸው ለመዘገቡት ሰዎች ግን እንደ ወትሮው ይጽፋል፤ ቀድሞ ለጻፈለት ሰው ሁሉም መልስ ይሰጣል። ገደቡ በመጀመሪያ ጊዜ ለጥቂት ቀናት ሲሆን ጥፋቱ ሲደጋገም ይረዝማል፤ እስከ ዘለቄታውም ሊሄድ ይችላል። አካውንቱ ጨርሶ የሚዘጋው ከዚህ ለከፋ ጥፋት ነው። የተገደበ ሰው ሁኔታውን ማወቅ ከፈለገ `@SpamBot` ለሚባለው የቴሌግራም ቦት ይጽፋል፤ ቦቱም ገደብ እንዳለበትና እስከ መቼ እንደሆነ ይነግረዋል፤ በስሕተት ነው የሚል ከሆነም አቤቱታውን በዚያው ያቀርባል።

ይህ ቅጣት ለምን ዓይነት ጥፋት እንደተሰፋ ልብ ይሏል። ለሺህ የማያውቃቸው ሰዎች በአንድ ቀን የሥራ ማስታወቂያ የሚበትነውን ሰው እጁን ይይዘዋል፤ የሚኖረው በማያውቁት ሰዎች ላይ ነውና። ከቻቱ አናት ላይ የሚታየው የሪፖርት ቁልፍም ቁጥሩን ለመዘገብነው ሰው አይወጣም። ቁልፉም ቅጣቱም የታሰቡት ለባዕድ ነው። በእኛ ግሩፕ የገባው ሌባ ግን በወዳጅ ስም የመጣ ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። ሱቅ ያላቸው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ አባላችን እሑድ ማታ ከአንድ የሚያውቁት ሰው አካውንት «ልጄ ለውድድር ቀርባለች፣ ድምፅ ስጡልኝ» የሚል መልእክት ከሊንክ ጋር ደረሳቸው። ሊንኩ የከፈተው ገጽ ስልክ ቁጥራቸውን ጠየቀ፤ አስገቡ። ወዲያው ቴሌግራም የመግቢያ ኮድ ላከላቸው፤ ገጹም ያንኑ ኮድ ጠየቀ፤ እርሱንም አስገቡ። ሁለተኛ የይለፍ ቃል አላዘጋጁም ነበርና ሌባው በዚያች ደቂቃ በእርሳቸው አካውንት ገባ። ሲነጋጋ ያው የልጅ ውድድር መልእክት በእርሳቸው ስምና ፎቶ በእድሩ ግሩፕና በየግላችን መጣ፤ ረፋድ ላይ ደግሞ «ለሕክምና ቸግሮኝ ነው፣ እስከ ነገ የምመልሰው ገንዘብ አለህ ወይ» የሚለው ተከተለ።

በዚህ ጊዜ ምክሩን ያነበቡ አባላት እንደ ተነገራቸው አደረጉ። በግሩፑ ውስጥ ያለውን መልእክት ሠላሳ የሚሆኑት ሪፖርት አደረጉ፤ አካውንቱን ብሎክ አደረጉ፤ ቻቱንም አጠፉ። ከሰዓት በኋላ አካውንቱ ተገደበ። ሌባው ግን የገንዘብ ጥያቄውን መላክ አላቆመም፤ ምክንያቱም የእድሩ ሰው ሁሉ፣ የሱቁ ደንበኛና ዘመድ አዝማዱ የጋሼን ቁጥር በስልኩ መዝግቦታል። ገደቡ የከለከለው ባዕዳንን ብቻ ነው፤ እርሱ ደግሞ ከባዕድ ጋር ጉዳይ አልነበረውም። አንዲት አባላችን ገንዘብ ያስተላለፈችው አካውንቱ ከተገደበ በኋላ ነው።

ሌባውን ያስወጣው ስልክ መደወል ነው። አንዱ ሰው ደውሎላቸው ጋሼ ምንም እንዳላወቁ ሲገባው ስልካቸው ላይ ያለው ቴሌግራም ገና እንዳልወጣ አረጋገጠ። አዲስ የገባ ስልክ ወይም ኮምፒውተር በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ሌሎቹን ማስወጣት ስለማይፈቀድለት፣ ባለቤቱ ከሌባው ይልቅ የበላይ ሆኖ የሚቆይበት አንድ ቀን አለ፤ ያ ቀን ሪፖርት በማድረግና በመጠበቅ ካለፈ ግን ጥቅሙ ወደ ሌባው ይዞራል። ጋሼ በቅንብሩ ውስጥ «Devices» የሚለውን ከፍተው «Terminate All Other Sessions» የሚለውን ሲነኩ ሌባው ወጣ፤ ወዲያውም ሁለተኛውን የይለፍ ቃል አስገቡ፤ ከእንግዲህ ኮዱን ብቻ ያገኘ ሰው አይገባባቸውም።

ያን ጊዜ የምክሩ ውጤት በባለቤቱ ላይ ወደቀ። ገደቡ የተጣለው በአካውንቱ ላይ እንጂ በሌባው ላይ ስላልሆነ፣ ጋሼ ቁጥራቸውን ላልያዙ አዳዲስ ደንበኞች ቀድመው መጻፍ አልቻሉም፤ በ`@SpamBot` በኩል አቤት እስኪሉ ድረስም ነገሩ ምን እንደሆነ አልገባቸውም ነበር። ከሁሉ የባሰው ደግሞ «አካውንቴ ተሰርቆ ነበር፣ ገንዘብ እንዳትልኩ» ብለው ለእያንዳንዱ ሰው በግል ሲጽፉ፣ መልእክቱ ብሎክ ላደረጓቸው ሠላሳ ሰዎች አለመድረሱ ነው። እኔም ከአጥፊዎቹ አንዱ ነኝ፤ በአድሚንነቴ መልእክቱን ሳጠፋ ከሥሩ የሚመጡትን ሪፖርት የማድረግ፣ ሁሉንም መልእክቶቹን የማጥፋትና ከግሩፑ የማገድ ምርጫዎች ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ ምልክት አድርጌ ነበር። የሚሻለው ለጊዜው መጻፍ እንዳይችሉ ማድረግ፣ በግሩፑ ላይ «የጋሼ አካውንት ተሰርቋል» ብሎ መለጠፍና መደወል ነበር። ሪፖርት ማድረግ የነበረብን ማጭበርበሪያው መጀመሪያ የመጣበትን ሊንክ የሚበትኑ የማናውቃቸውን አካውንቶች ነው፤ በእነርሱ ላይ ቁልፉ ይሠራል። የሚያውቁት ሰው አካውንት ሲሆን ግን ቀድሞ ለባለቤቱ መደወል ይቀድማል።

የቀረው የሕግ አካል የሚለው ነጥብ ነው። የቴሌግራም ሪፖርት ወደ ቴሌግራም ይሄዳል፤ ወደ ኢትዮጵያ ፖሊስ የሚያደርሰው መስመር የለም። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ባሻሻለው የግላዊነት ፖሊሲ መሠረት የአጥፊን ስልክ ቁጥርና የአይ ፒ አድራሻ ለፍትሕ አካል ሊሰጥ ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ግን ሕጋዊ ትእዛዝ ሲቀርብለት ነው፤ ትእዛዙ ደግሞ የሚመጣው ከተከፈተ የምርመራ መዝገብ እንጂ ከእኔ ቁልፍ መንካት አይደለም። በአገራችን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር የሚፈጸምን ማታለል ወንጀል ያደርጋል፤ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የሚሰራጭ የማስታወቂያ መልእክትን የሚመለከት አንቀጽም አለው። እንዲህ ያለው ጉዳይ ግን ፖሊስ ዘንድ የሚደርሰው ተበዳይ ቀርቦ ሲያመለክት ነው እንጂ የቴሌግራም ሪፖርት ስለተላከ አይደለም።

ገንዘብ የላከችው አባላችን መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ሪፖርት ነበር፤ ባንኳን የደወለችው በማግስቱ ነው፤ ገንዘቡ በዚያን ጊዜ ወጥቷል። ፖሊስ ጣቢያ ስትሄድ የዝውውሩ ማጣቀሻ ቁጥርና የተቀባዩ ሒሳብ ቁጥር በባንክ ደረሰኟ ላይ ነበር፤ ሌባው የጻፈላትን ግን ማሳየት አልቻለችም፤ እንደ ተመከረችው ቻቱን አጥፍታዋለች። መዝገቡ የተከፈተው ሌላ አባል ሳያጠፋ ባቆየው ስክሪንሾት ነው፤ በእርሱ ላይ ያው የሒሳብ ቁጥር፣ ያው ቀንና ሰዓቱ ይነበብ ነበር።